ዓርብ ማታ የተላከ የመልቀቂያ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ እንድናገር ሲጋብዙኝ፣ «ከርቀት ሥራ ስለ ማግኘት የሚናገር ሰው ሞልቷል፤ ሥራውን ስለ መልቀቅ የሚናገር ግን አጣን» አሉኝ። ለምን እኔን እንደ መረጡ ወዲያው ገባኝ። ለውጭ ኩባንያዎች ከርቀት ስሠራ ሦስት ጊዜ ውል አቋርጫለሁ። ሁለቱን በሰላም ወጣሁ። በሦስተኛው ግን የ50 ፓውንድ ክርክር 2,500 ፓውንድ ለ40 ቀናት አስሮብኛል። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያኛው ነው።

ኩባንያው የተቋቋመው ለንደን ነው፤ ስሙን አልጠራም። ሥራዬ ሶፍትዌር መፈተሽ ሲሆን፣ በውሉ ላይ የሰፈርኩት እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን ራሱን ችሎ አገልግሎት እንደሚሰጥ ባለሙያ ነው። ክፍያው በወር 2,100 ፓውንድ ነበር። በወሩ መጨረሻ ኢንቮይስ የምንለውን የክፍያ መጠየቂያ እልካለሁ፤ እነርሱ ከመጠየቂያው ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ይከፍላሉ። ማናቸውም ወገን በ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መውጣት ይችላል። ውሉ የሚተረጎመው በእንግሊዝና ዌልስ ሕግ ነው።

በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሜይ 2 ቀን 2025፣ ዓርብ ዕለት፣ ለሥራ ኃላፊዬ የመልቀቂያ ኢሜይል ላክሁ። በለንደን ሰዓት 17፡40 ነበር። በጣቴ ቆጥሬ የመጨረሻ ቀኔ ጁን 1 ነው አልኩ፤ ጁን 2 ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ ብዬም ለአዲስ ደንበኛ ቃል ሰጠሁ። በሳምንቱ መልስ መጣ፤ የመጨረሻ ቀንሽ ጁን 5 ነው ይላል። ተናደድሁ። ከዚያ ውሉን ገልጬ ሳነብ ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ።

በውሉ መጨረሻ አካባቢ፣ ማንም በማያነበው ስፍራ፣ «ማስታወቂያዎች» የሚል አንቀጽ አለ። ከ17፡00 በኋላ ወይም የሥራ ቀን ባልሆነ ዕለት የተላከ ማስታወቂያ በሚቀጥለው የሥራ ቀን እንደ ደረሰ ይቆጠራል ይላል። የሥራ ቀን ማለት ደግሞ በእንግሊዝ ባንኮች ክፍት የሚሆኑበት ቀን ነው። እኔ በ40 ደቂቃ ዘግይቻለሁ። ቅዳሜና እሑድ አለፉ። በእንግሊዝ የሜይ የመጀመሪያው ሰኞ የሕዝብ በዓል ስለሆነ ሜይ 5ም አለፈ። ደብዳቤዬ ደረሰ የሚባለው ማክሰኞ፣ ሜይ 6 ነው። በዚያ ሕግ የተለመደው አቆጣጠር የመድረሻውን ዕለት ራሱን አያስገባም፤ ስለዚህ 30ው ቀን ሜይ 7 ተጀምሮ ጁን 5 ያልቃል። ልክ ነበሩ።

ይባስ ብሎ፣ አንቀጹ ማስታወቂያ የሚላክበትን የኢሜይል አድራሻ በግልጽ ጽፎታል፤ የሥራ ኃላፊዬ አድራሻ አይደለም። ቢፈልጉ ኖሮ «ምንም ማስታወቂያ አልደረሰንም» ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም፤ ለዚያ አመሰግናቸዋለሁ። በጁን 1 ላይ ዝም ብዬ ብጠፋ ኖሮ ግን ውል ያፈረስኩት እኔ እሆን ነበር፤ እነርሱም ኪሳራ ደረሰብን ብለው ከሚከፍሉኝ ላይ ለመቀነስ ምክንያት ያገኙ ነበር። ስለዚህ ያንን ሳምንት ቀን ለአንዱ፣ ሌሊት ለሌላው ሠራሁ። አልመክርም።

እዚህ ላይ ስለ ገዢው ሕግ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነውና። «ይህ ውል በእገሌ አገር ሕግ ይገዛል» የሚለው አንቀጽ ውሉ እንዴት እንደሚነበብ ይነግራችኋል፤ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚዳኛችሁ ግን አይነግራችሁም። ያ ብዙውን ጊዜ ቀጥሎ ባለው አንቀጽ ለብቻው ይጻፋል። ሁለቱ የተለያየ አገር ሊጠሩ ይችላሉ። ሰው ሁሉ የውጭ ሕግ ሲያይ ይደነግጣል፤ የእኔ አስተያየት ግን የተለየ ነው። ገንዘባችሁን ይዞ የቀረው ድርጅት ባለበት አገር ሕግና ፍርድ ቤት መገኘት ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው ሠራተኛውን ነው። በራሳችሁ አገር ብታስፈርዱበት፣ ፍርዱን ንብረቱ ወዳለበት አገር ወስዶ ማስፈጸም ሌላ ሙግት ነው። ይበልጥ የሚያስፈራኝ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ነው። በ1958 የኒው ዮርክ ስምምነት ምክንያት የግልግል ውሳኔ በብዙ አገር ይፈጸማል፤ ነገር ግን ሂደቱን ለመጀመር የሚከፈለው ወጪ ከአንድ ወር ክፍያ ሊበልጥ ይችላል።

ሌላው ጥያቄ ተቀጣሪ ናችሁ ወይስ አገልግሎት ሰጪ የሚለው ነው። ተቀጣሪ ከሆናችሁ የተመረጠው ሕግ ሁሉንም ነገር አይወስንም። ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ፣ ሮም 1 የሚባለው ደንብ በአንቀጽ 8 ላይ፣ ተቀጣሪው ሥራውን ዘወትር የሚሠራበት አገር ሕግ የሚሰጠውን የማይሻር ጥበቃ በሕግ ምርጫ አንቀጽ መንጠቅ እንደማይቻል ይደነግጋል። አገልግሎት ሰጪ ከሆናችሁ ግን እንዲህ ያለ ከለላ የለም፤ የፈረማችሁበት የማስጠንቀቂያ ጊዜ እንዳለ ይጸናል። እኔ ሁለተኛው ነበርኩ፤ ስለዚህ የሚያድነኝም የሚጥለኝም ውሉ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ መጨረሻው ኢንቮይስ እንምጣ፤ የእኔ እውነተኛ ስሕተት ያለው እዚህ ነው።

የሂሳብ ክፍሉ ሠራተኛ በትሕትና ጻፈልኝ፤ «መውጫሽ ቅርብ ስለሆነ የሜይንና የጁንን በአንድ መጠየቂያ ላኪልን፣ ለአሠራር ይቀለናል»። ለአሠራር የሚቀለው ለማን እንደሆነ ሳልጠይቅ እሺ አልኩ። የሜይ ሙሉ 2,100 ፓውንድ ነው፤ ክርክር የለውም። የጁን አምስት ቀን ግን ስንት ነው? እኔ በሥራ ቀን አሰላሁ። በዚያ ጁን ከሰኞ እስከ ዓርብ ያሉት ቀናት 21 ናቸው፤ 2,100 ለ21 ሲካፈል በቀን 100 ፓውንድ ይሆናል። ከጁን 2 እስከ 5 አራት ቀን ሠርቻለሁ፤ 400 ፓውንድ። እነርሱ በወሩ 30 ቀናት አሰሉ፤ በቀን 70፣ ለአምስት ቀን 350። ውሉ ስለ ጎዶሎ ወር አንዲት ቃል አይናገርም። ሁለታችንም ትክክል ነን ማለት እንችል ነበር፤ አልንም።

ልዩነቱ 50 ፓውንድ ብቻ ነው። ነገር ግን መጠየቂያው አንድ ስለሆነ፣ በእነርሱ የክፍያ ሥርዓት ላይ 2,500ው በሙሉ «በክርክር ላይ» ተብሎ ቆመ። የሜይን ለብቻው በወሩ መጨረሻ ልኬ ቢሆን ኖሮ፣ የማያከራክረው ገንዘብ መንገዱን ይዞ ይሄድ ነበር። የሚያከራክር ነገር ሲኖር ከማያከራክረው ጋር በአንድ ወረቀት አታስሩት። የጎዶሎውን ወር ስሌት ደግሞ ገና በመልቀቂያው ደብዳቤ ላይ አንሡትና በጽሑፍ «ተስማምተናል» አሰኙ። ያን ጊዜ ሥራችሁን ይፈልጉታል፤ በኋላ አይፈልጉትም።

ሌላም ነገር አለ። መጠየቂያዎቼን የማስገባው በኩባንያው የኦንላይን ሥርዓት፣ በኩባንያው ኢሜይል ነበር። ጁን 5 ማታ ሁለቱም ተዘጉ። የላክሁትን መጠየቂያ ማየት እንኳ አልቻልሁም። ደግነቱ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቅጂውን ከግል ኢሜይሌ ለሂሳብ ክፍሉ ልኬ ነበር፤ የተላከበት ቀንና ሰዓት ያለው ማስረጃ እርሱ ብቻ ሆነ። ውላችሁ ላይ መጠየቂያ ሥራው ከተሠራ በተወሰነ ቀን ውስጥ ካልገባ መብቱ ይቀራል የሚል አንቀጽ ካለ፣ ይህ ቅጂ ሁሉም ነገር ነው።

የመክፈያው ቀን ጁላይ 5 አለፈ። ሁለት ማስታወሻ ላክሁ፤ መልስ የለም። በሦስተኛው ላይ ገዢው ሕግ ለእኔ መሥራት ጀመረ። እንግሊዝ ውስጥ በ1998 የወጣ፣ ለዘገየ የንግድ ዕዳ ወለድ የሚፈቅድ ሕግ አለ። ተቀጣሪ በደመወዙ ላይ አይጠቀምበትም፤ አገልግሎት ሰጪ ግን ይጠቀማል። ገደብም አለው። የእንግሊዝ ሕግ በውሉ ምርጫ ብቻ የመጣ ከሆነ፣ ውሉ ከእንግሊዝ ጋር ጉልህ ግንኙነት ከሌለውና ያ ምርጫ ባይኖር የውጭ ሕግ ይገዛው ከነበረ አይሠራም። የእኔ ከፋይ ለንደን ላይ የተቋቋመና ሥራውም ለዚያ የሚሠራ ስለነበር ግንኙነቱ አለ ብዬ ጻፍሁ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ወለዱ ከእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ መሠረታዊ የወለድ መጠን በላይ 8 በመቶ ነው፤ ለዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ የሚወሰደው ጁን 30 ላይ የነበረው መጠን ሲሆን፣ እርሱም 4.25 በመቶ ነበር። ድምሩ 12.25 በመቶ። በ2,500 ላይ በቀን 84 ሳንቲም ያህል ይመጣል። በዚህ ላይ ዕዳው ከ1,000 ፓውንድ እስከ 10,000 በታች ከሆነ የ70 ፓውንድ ቋሚ ካሳ አለ። ማንንም አያበለጽግም። ግን «እባካችሁ ክፈሉኝ» የሚል ደብዳቤና «ዛሬ ዕዳችሁ ይህን ያህል ደርሷል፤ ነገ በዚህ ያህል ይጨምራል» የሚል ደብዳቤ የሚያነባቸው ሰው አንድ አይደለም። ሁለተኛው ወደ ሕግ ክፍል ይሄዳል።

ኦገስት 14 ቀን 2,500ው ገባ። ከጁላይ 6 ጀምሮ 40 ቀን፤ ወለዱ 33 ፓውንድ ከ56፣ ከካሳው ጋር 103 ፓውንድ ከ56 ሆኗል። ከክፍያው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ግን አንድ ሰነድ ልከውልኝ ነበር፤ «ከእንግዲህ እርስ በርሳችን ምንም አንጠያየቅም» የሚል። ገንዘቡ ባንክ ሳይገባ አልፈረምሁም። ከገባ በኋላ ወለዱንና ካሳውን እያወቅሁ ተውሁትና ፈረምሁ፤ የሥራ ልምድ ምስክር እንዲሰጡኝ እፈልግ ስለነበር። ይህ ደግነት አይደለም፤ ዋጋውን አውቄ የሸጥሁት ነገር ነው።

ዛሬ ብለቅ ኖሮ ደብዳቤዬ እንዲህ ይል ነበር፦ «በውሉ የማስጠንቀቂያ አንቀጽ መሠረት የ30 ቀን ማስታወቂያ እሰጣለሁ። ይህ ማስታወቂያ ማክሰኞ ሜይ 6 እንደሚደርስ፣ የመጨረሻ የሥራ ቀኔም ጁን 5 እንደሚሆን እረዳለሁ። የሜይ መጠየቂያዬን በሜይ 31፣ የጁንን በጁን 5 ለየብቻ እልካለሁ፤ የጁኑ በሥራ ቀን ተሰልቶ 400 ፓውንድ ነው። በዚህ ካልተስማማችሁ እስከ ሜይ 16 አሳውቁኝ። ከጁን 5 በኋላ በዚህ የግል አድራሻዬ ጻፉልኝ።» ይኸው ነው። ምክንያት አልተጻፈበትም፤ ውሉ ምክንያት አይጠይቅምና።

ውላችሁን በስልካችሁ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ አሁን ክፈቱት። «ማስታወቂያዎች» የሚለውን አንቀጽ ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከፊርማው በፊት ባለው ገጽ ላይ ነው። የተጻፈው አድራሻ የማን እንደሆነ ስታገኙ እጃችሁን አንሡና ከዚያ ጥያቄ እንጀምራለን።