ሃያ ሰከንድ ለአንድ ባዛር

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ደብረ ማርቆስ ላይ ስለጻፍኳት አንዲት ትንሽ ማስታወቂያ ነው። ርዝመቷ ሃያ ሰከንድ። ሦስት ማታ ወስዳብኛለች።

እህቴ አስተማሪ ናት። «ወንድምዓለም፣ የትምህርት ቤታችን ባዛር ደርሷል፣ በባጃጅ የሚዞር ማስታወቂያ ጻፍልኝ» አለችኝ። እሷ የሰጠችኝ ረቂቅ እንዲህ ይጀምራል፦ «ለተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች፣ ወላጆችና የትምህርት ቤታችን ወዳጆች በሙሉ፣ ትምህርት ቤታችን ልዩ ልዩ ዝግጅቶችን ያካተተ ታላቅ ባዛር ያዘጋጀ መሆኑን ስንገልጽ በታላቅ ደስታ ነው።» በስልኬ ሰዓት እየያዝኩ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ቀኑ ጋ ሳልደርስ ሃያው ሰከንድ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም።

እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። ሙሉውን አንድ ጊዜ አነበብኩላትና ወረቀቱን ደበቅኩ። «እማዬ፣ ምን ያዝሽ?» አልኳት። «የተከበራችሁ ሲል ሰማሁ፤ ማን ሞተ ብዬ ነበር» አለችኝ። ይቺ መልስ ከማንኛውም ትምህርት በላይ ጠቀመችኝ። በእኛ አገር በሞንታርቦ «የተከበራችሁ» ከተባለ ሰው ወይ ስብሰባ ወይ መርዶ ነው የሚጠብቀው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በአማርኛ ሳይጣደፉ ሲነበብ ሃያ ሰከንድ የሚይዘው ወደ ሠላሳ አምስት ቃል ነው። የእኛ ግስ ረጅም ነው፤ «ያሳዩዋችኋል» አንድ ቃል ሆኖ ስንት ትንፋሽ ይወስዳል! ቁጥርም ያታልላል። ወረቀት ላይ «17» ሁለት ምልክት ነው፤ አፍ ላይ «አሥራ ሰባት» ነው። ስለዚህ የሚነበብ ነገር ላይ ቁጥርን በፊደል መጻፍ ይሻላል።

ከዚያ «ልዩ ልዩ ዝግጅቶች» የሚለውን ጣልኩት። ለዚህ ብሎ ከቤቱ የሚወጣ ሰው የለም። እህቴን «ልጆቹ ከሠሩት ውስጥ አንቺን ያስገረመሽ የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ሳታስብ መለሰች። የሰባተኛ ክፍል ልጆች በጠርሙስ ውስጥ አሸዋ፣ ጠጠርና ከሰል ደርድረው የደፈረሰ ውሃ ያጠራሉ። በቃ፣ ሰው የሚመጣበት ምክንያት ይኸው። «የሚጠጣ ውሃ» ልትለው ነበር፣ ከለከልኳት። አሸዋና ከሰል ውሃውን ያጠሩታል እንጂ ጀርሙን ሁሉ አይገድሉትም። ማስታወቂያ ስለሆነ ተብሎ ሰው አይታለልም።

የመጨረሻው ይኼ ነው፦

«ጭቃ የመሰለ ውሃ በአሸዋና በከሰል ሲጠራ አይታችኋል? የሰባተኛ ክፍል ልጆቻችን ሠርተው ያሳዩዋችኋል። እሁድ፣ ግንቦት አሥራ ሰባት፣ የኪዳነ ምሕረት ማግስት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ። በትምህርት ቤታችን ባዛር፣ ከመናኸሪያው ጀርባ። መግቢያ በነፃ ነው። እሁድ ጠዋት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ!»

«ትምህርት ቤታችን» ያልኩት ቦታ ላይ ስሙ ይገባል። የኪዳነ ምሕረትን ማግስት የጨመርኩት ለእናቴ ዓይነት ሰው ነው። ጎጃም ውስጥ አሥራ ስድስትን በኪዳነ ምሕረት፣ አሥራ ሁለትን በሚካኤል የሚቆጥር ብዙ ነው። ቀኑም አብሮ ስላለ በዚያ የማይቆጥረው ሰውም አይጎድልበትም። «ከጠዋቱ» የምትለዋንም እንዳትዘሏት። «በሦስት ሰዓት» ብቻ ከተባለ ማታ መስሎት የሚቀር አይጠፋም።

ቀንና ቦታ መጨረሻ ላይ የተደገሙት ደግሞ በባጃጁ ምክንያት ነው። በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር ቢሄድ በሃያ ሰከንድ ውስጥ ከመቶ ሜትር በላይ ያልፋል። በሩ ላይ የቆመ ሰው የሚሰማው መሃሉን ወይም ጭራውን ብቻ ሊሆን ይችላል። ሙሉውን የሚሰማው ባጃጁ ሲቆም ነው።

ለእናቴ በድጋሚ አነበብኩላት። «እሁድ ነው አይደል? መናኸሪያው ጋ። ውሃውን ግን በምን ያጠሩታል አልክ?» አለችኝ። እኔ ዝም አልኩ። ሄዳ ታየዋለች።

ለባጃጁ ልጅ ድምፁን በስልክ ላክሁለት። «ጋሼ፣ ሳላቋርጥ ልዙርበት?» አለኝ። አይደለም አልኩት። ቅዳሜ ገበያው መግቢያ ላይ ቁም፣ ሁለቴ አጫውት፣ ትንሽ ዝም በል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መታጠፊያ ሂድ። «እሺ» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።