3 በመቶ ብዙ ነው ወይ?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ጅማ ዛሬም ዝናብ ነው፤ የቆርቆሮው ድምፅ ከተሰማችሁ ታገሱኝ። ያቺ ደም ያነሳት፣ ቡና ለቀማ የምትውለው ነፍሰ ጡር ከሐሳቤ አልወጣ አለች። የደም ቆጠራ ወረቀቷን፣ ሲቢሲውን፣ ታስታውሱታላችሁ፤ በደሟ ውስጥ የቀይ ሴሉ ድርሻ ሄማቶክሪት 25፣ የቀይ ሴሎቹ አማካይ መጠን ኤምሲቪ 88፣ ጨቅላዎቹ ቀይ ሴሎች ሬቲኩሎሳይት 3 በመቶ። ከ3ቱ አጠገብ «ከፍተኛ» ተብሎ ተጽፏል።

እሱ ጋ ልመለስ። «ከፍተኛ» ሲባል መቅኒው በደንብ እየሠራ ነው፣ ስለዚህ ደሙ ወይ እየፈሰሰ ወይ እየፈረሰ ነው ብለን እንሮጣለን። ግን በመቶኛ ነው የተቆጠረው። ቀይ ሴሉ ራሱ ሲያንስ ጥቂቶቹ ጨቅላ ሴሎች ብዙ መስለው ይታያሉ። እናም 3ን በእሷ ሄማቶክሪት በ25 አባዝተን ለመደበኛው ለ45 እናካፍላለን፤ 1.67 ገደማ ይሆናል። ገና አላለቀም። ደም ሲያንስ መቅኒው ሬቲኩሎሳይቶቹን ሳይበስሉ ይለቃቸዋል። በደም ውስጥ አንድ ቀን መቆየት የነበረባቸው ሁለት ቀን ይቆያሉ፤ ያው ሴል ሁለቴ እንደተቆጠረ ነው። በሄማቶክሪት 25 ለ2 እናካፍላለን፤ 0.8። ከ2 በታች ከሆነ መቅኒው የሚገባውን ያህል አላመረተም ማለት ነው። ወረቀቱ ከፍተኛ ያለው እንግዲህ ዝቅተኛ ነበር።

ታዲያ ለምን አላመረተም? እዚህ ኤምሲቪው ያዘናጋል። ከ80 እስከ 100 ባለው ውስጥ ስለሆነ «መጠኑ ደህና ነው» ይባላል። አማካይ እኮ ነው! የትንንሾቹና የትልልቆቹ አማካይ መሃል ላይ ይወድቃል። የሚያጋልጠው የሴሎቹን መጠን መለያየት የሚለካው አርዲደብሊው ነው፤ የእሷ 24 ነው፣ ከ15 በታች መሆን ሲገባው። በማይክሮስኮፕ የታየው የደም ስሚሯ ላይ ደግሞ ትንንሽ ገርጣ ያሉ ሴሎች አሉ፣ እዚያው ጎናቸው ትልልቅ ሞላላዎች፣ ነጭ ሴሉ ኒውትሮፊልም ኒውክለሱ ስድስት ቦታ ተከፍሏል። ትንንሾቹ የአይረን እጥረት ይመስላሉ፣ ሌሎቹ የፎሌት ቫይታሚን። በባዶ እግር እርሻ የሚውል ሰው ላይ ሁክወርም የተባለው የአንጀት ትል አይረኑን ይጨርሳል፤ እርግዝናው ደግሞ ፎሌቱን። ሁለቱም አንድ ላይ።

አይረን ብቻ ብትወስድስ? ትንንሾቹ ይተካሉ፣ ኤምሲቪው ከ100 ያልፋል፣ ሄሞግሎቢኑ መንገድ ላይ ይቆማል። ሰው ግን «መድኃኒቱን አልዋጠችም» ይላታል፤ ይሄ ያናድደኛል። ሌላው ደግሞ፣ ሬቲኩሎሳይት የሚቆጠረው ሕክምናው ሳይጀመር ነው። አይረን ከጀመረች ከሳምንት በኋላ ብንቆጥር ቁጥሩ በሕክምናው ምክንያት ይወጣና ያሳስተናል፤ ደም ከተሰጣትማ ኤምሲቪውም የሰው ነው።

እሺ፣ እስከዚህ ይገጥማል። ግን ወባስ? ወባ ሴሉንም ያፈርሳል፣ መቅኒውንም ያፍናል፤ ስለዚህ 0.8 ብሎ ወባን መሻር አይቻልም። ስሚሩ ላይ አልታየም፣ እውነት ነው። ነፍሰ ጡር ላይ ግን የወባው ተውሳክ ፋልሲፓረም እንግዴ ልጅ ውስጥ ተደብቆ ከጣት በተወሰደ ደም ላይ ሊጠፋ ይችላል። ስሚሩን በሌላ ቀን መድገም... ወይም... ቆይ፣ ትኩሳቱን ማንም ጠይቋታል?