ሲሪንጁን ስንጫነው ቀለሙ ለምን ጠቆረ?

ሔለን፦ ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ የተደፈነ ሲሪንጅ ነው። ውስጡ ቡናማው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ እና ቀለም የሌለው ዳይናይትሮጅን ቴትራኦክሳይድ አሉ።

2NO₂ ⇌ N₂O₄

ሳሙኤል፦ ተማሪዎች ግፊት ሲጨምር ሪአክሽኑ የጋዝ ሞለኪውል ወደሚያንስበት ጎን እንደሚሄድ ያውቃሉ። እዚህ ሁለቱ አንድ ስለሚሆኑ ጎኑ የቀኙ ነው። ስለዚህ ስንጫነው ቡናማው ይሳሳል ብለው ይጠብቃሉ።

ሔለን፦ ከጎን ሆነህ ስታየው ግን መጀመሪያ ይጠቁራል!

ሳሙኤል፦ አዎ፣ ከዚያ ትንሽ ይፈዛል። ግን ወደ ድሮው ቀለም አይመለስም። በቁጥር እንየው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የዚህ ሪአክሽን ቋሚ K ወደ 216 ገደማ ነው። NO₂ በሊትር 0.0100 ሞል፣ N₂O₄ ደግሞ 0.0216 ሞል ይሁኑ። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስኩዌር ስታካፍዪው 216 ይወጣል፣ ሚዛን ላይ ነው ማለት ነው።

ሔለን፦ አሁን መጠኑን በግማሽ ቀነስኩት።

ሳሙኤል፦ ሁለቱም በእጥፍ አደጉ፤ 0.0200 እና 0.0432። ታችኛው ስኩዌር ስለሆነ አራት እጥፍ ሆነ፣ ላይኛው ሁለት እጥፍ ብቻ። ውጤቱ 108 ነው፣ ከK በግማሽ ያንሳል። 216 እስኪደርስ ድረስ NO₂ ወደ N₂O₄ ይቀየራል።

ሔለን፦ የት ላይ ይቆማል?

ሳሙኤል፦ NO₂ 0.0146 አካባቢ። ከ0.0200 ወርዷል፣ ከመጀመሪያው 0.0100 ግን ይበልጣል። ሪአክሽኑ የደረሰበትን ለውጥ ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም።

ሔለን፦ ሳልጫን NO₂ ብቻ ብጨምርበትስ?

ሳሙኤል፦ ያው ስሌት ነው፤ ታችኛው ሲያድግ ውጤቱ ከK በታች ይወርዳል። መጠኑን ሳንለውጥ አርጎን ብንጨምር ግን ምንም አይንቀሳቀስም። ጠቅላላ ግፊቱ ቢጨምርም የሁለቱም ኮንሰንትሬሽን እንደነበረ ነው። ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ «ግፊት ጨመረ» የሚለውን ብቻ ያያል።

ሔለን፦ ሙቀትስ?

ሳሙኤል፦ ሙቀት ሌላ ነገር ነው። እስካሁን K አልተነካም፣ ሪአክሽኑ ወደ 216 ነው የተመለሰው። ሙቀት ግን ራሱን K ይለውጠዋል። አንድ ሞል N₂O₄ ሲፈጠር 57 ኪሎጁል ገደማ ሙቀት ይወጣል፣ ስለዚህ ስናሞቀው K ይወርዳል፤ NO₂ ይበዛል። የተዘጋ ቱቦ ሙቅ ውሃ ውስጥ ብትነክሪው ቡናማው ይደምቃል፣ በረዶ ውስጥ ደግሞ ይገረጣል።

ሔለን፦ ስለዚህ ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ሙቀቱ ተለውጧል?» ብዬ ነው።

ሳሙኤል፦ በትክክል። ካልተለወጠ K እንዳለ ነው፣ አዲሶቹን ኮንሰንትሬሽኖች አስገብተሽ ከK ጋር ታወዳድሪያለሽ። ካነሰ ወደ ቀኝ፣ ከበለጠ ወደ ግራ።