የሐበሻ እንቁላል ወይስ የፈረንጅ? ጭማሪው የሚያዋጣው መቼ ነው

(ምስል፦ ሁለቱ እንቁላሎች ጎን ለጎን፣ ከሥራቸው ሚዛን)

አዲስ አበባ ውስጥ ሱቅ ገብታችሁ እንቁላል ስትሉ ባለሱቁ "የሐበሻ ነው የፈረንጅ?" ይላችኋል። የሐበሻው ያንሳል፤ ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

እስቲ እንመዝነው። የሐበሻው ወደ 40 ግራም፣ የፈረንጁ ወደ 60 ግራም ይሆናል። ለስሌት እንዲመቸን የሐበሻውን 24 ብር፣ የፈረንጁን 18 ብር እንበል። 100 ግራም የሐበሻ እንቁላል 60 ብር ሲመጣ የፈረንጁ 30 ብር ነው። እጥፍ ማለት ነው።

(ምስል፦ ሁለት አስኳሎች በነጭ ሳህን)

በዚያ ጭማሪ የምናገኘው በተለይ አስኳሉን ነው። ከእንቁላሉ መጠን አንጻር ትልቅ ነው፤ ዶሮዋ ደጅ ለደጅ ሣርና ቅጠል ስትለቅም ስለምትውል ቀለሙም ይደምቃል። ጣዕሙን የሚወዱለት ብዙ ናቸው፤ እኔም አንዱ ነኝ። ቀለሙ ብቻውን ግን ምስክር አይሆንም፤ ቢጫ በቆሎ የበዛበት መኖ የፈረንጇንም አስኳል ያደምቃል። ትንሽ መሆኑም አያስተማምንም፤ የፈረንጅ ቄብ መጣል ስትጀምር እንቁላሏ ትንሽ ነው።

የሐበሻው ደካማ ጎን ትኩስነቱ ላይ ነው። አንድ ቤት ያሉት ዶሮዎች ጥቂት ስለሆኑ ነጋዴው ከየቤቱ እየሰበሰበ ነው ጭነት የሚሞላው። አንዱ ትናንት የተጣለ፣ ሌላው የሰነበተ ሊሆን ይችላል። አውራ ዶሮም አብሮ ስለሚውል፣ ሙቀት ካገኘው ውስጡ ጫጩት መጀመር ይችላል። የፈረንጁ እርባታ ለገበያ እንቁላል አውራ አያስፈልገውም፤ እንቁላሉም በየቀኑ ይለቀማል። ከዚያ በኋላ ያለው ሱቁ ውስጥ የቆየበት ጊዜ ነው።

(ምስል፦ የስልክ መብራት ከእንቁላል በታች)

ጥላ ቦታ ሆናችሁ የስልካችሁን መብራት ከወፍራሙ ጫፍ ሥር አድርጉ። እዚያ የአየር ክፍተት ይታያል። እንቁላሉ በቆየ ቁጥር በቅርፊቱ ቀዳዳዎች እርጥበት ስለሚተን ክፍተቱ ይሰፋል። ጠባብ ከሆነ ትኩስ ነው። ቀይ ሥር ወይም ጥቁር ጥላ ካያችሁ መልሱት። ቡናማ ቅርፊት ብርሃን እንደ ልብ አያሳልፍም፤ እሱን ጆሯችሁ ሥር አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት፤ ከተንቦጨቦጨ ተዉት።

ይህ ፍተሻ በተለይ በሁዳዴ መጨረሻ ይጠቅማል። በጾሙ ፈላጊ ስለሚቀንስ እንቁላል መደርደሪያ ላይ ይሰነብታል፤ ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ ያው የሰነበተው በተወደደ ዋጋ ሊሸጥ ይችላል።

ለዶሮ ወጥ ከሆነ እኔ የፈረንጁን እገዛለሁ፤ በርበሬውና ቁሌቱ የአስኳሉን ልዩነት ይውጡታል። ደግሞም የዛሬ እንቁላል ሲቀቀል ነጩ ከልጣጩ ጋር ተጣብቆ ይቦጫጨቃል፤ ሳምንት ገደማ የቆየው በደንብ ይላጣል። የሐበሻውን የምከፍልበት ለእንቁላል ፍርፍር ነው፤ ያውም በመብራት አይቼ።