300 ሸጠን ለምን ከሰርን?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ናችሁ። ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ከአንድ በላይ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ብሬክ ኢቭኑን፣ ማለትም ሳያተርፍም ሳይከስርም ወጪውን የሚሸፍንለትን የሽያጭ ብዛት፣ እንዴት እንደሚያሰላና የትጋ እንደሚሳሳት።

የምትሸጡት አንድ ዕቃ ከሆነ ቀላል ነው፣ ከዋጋው ላይ ተለዋዋጭ ወጪውን ትቀንሳላችሁ፣ የቀረው ኮንትሪቢውሽን ማርጅን ነው፣ ቋሚ ወጪውን ለሱ ማካፈል ነው አለቀ። ሁለት ዕቃ ሲሆን ግን ለየትኛው ማርጅን ነው የምናካፍለው?

እስቲ ወንበርና ጠረጴዛ የሚሰራ ቤት እንውሰድ። ወንበሩ 500 ብር ይሸጣል፣ 400 ይወጣበታል፣ ስለዚህ 100 ይተርፈዋል። ጠረጴዛው 2000 ይሸጣል፣ 1400 ይወጣበታል፣ 600 ይተርፈዋል። የወሩ ቋሚ ወጪ 60,000 ነው። ብዙ ሰው እዚህጋ 100ና 600ን ደምሮ ለሁለት ያካፍልና 350 ይላል፣ ከዛ 172 ዕቃ ከሸጥን በቃን ብሎ ይቀመጣል። ይሄ የሚሰራው ወንበርና ጠረጴዛው እኩል በእኩል ከተሸጡ ብቻ ነው፣ እኩል ደግሞ አይሸጡም፣ አንድ ጠረጴዛ ሲሄድ አራት ወንበር ነው አብሮ የሚሄደው።

ስለዚህ አራት ወንበርና አንድ ጠረጴዛን እንደ አንድ ጥቅል እዩት። ከወንበሮቹ 400፣ ከጠረጴዛው 600፣ ባንድ ላይ 1000። ይሄ ለአምስት ዕቃ ሲካፈል 200 ይመጣል፣ ሚዛናዊ አማካይ ማርጅን የሚባለው እሱ ነው። 60,000ን ለ200 ስናካፍል 300 ዕቃ፣ ማለትም 240 ወንበርና 60 ጠረጴዛ። አረጋግጡት፣ 24,000 ሲደመር 36,000፣ ልክ 60,000።

አሁን ዋናው ነገር። ይሄ 300 የሚባል ቁጥር የቆመው አራት ለአንድ የሚለው ሴልስ ሚክስ ላይ ነው፣ ማለትም ከተሸጠው ውስጥ የእያንዳንዱ ዕቃ ድርሻ ላይ። ወሩ አልቆ 300 ዕቃ ተሸጦ ሁሉም ደስ ብሎት ሳለ ዝርዝሩ ሲታይ 270 ወንበርና 30 ጠረጴዛ ቢሆንስ? ማርጅኑ 27,000 ሲደመር 18,000፣ 45,000 ብቻ ነው፣ 15,000 ኪሳራ! ዋጋ አልቀነሰም፣ ወጪ አልጨመረም፣ የተሸጠውም ብዛት ያው ነው፣ የተቀየረው ሚክሱ ብቻ ነው። ዘጠኝ ለአንድ ሲሆን አማካዩ ከ200 ወደ 150 ይወርዳል፣ ብሬክ ኢቭኑም 400 ዕቃ ይሆናል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነገር ቀስ ብሎ መምጣቱ ነው፣ ጠቅላላ ብዛቱን ብቻ የሚያይ ሰው ወሩ እስኪዘጋ ድረስ አያውቀውም። ስለዚህ በየሳምንቱ የእያንዳንዱን ዕቃ ሽያጭ ለየብቻ ቁጠሩ፣ ለአንድ ጠረጴዛ ስንት ወንበር እንደሄደ እዩ፣ አራት የነበረው ስድስት ሰባት ማለት ከጀመረ የወሩን መጨረሻ ሳትጠብቁ አማካዩን በአዲሱ ሚክስ እንደገና አስሉት። አመሰግናለሁ።