ሥሩ ሌላ፣ ጫፉ ሌላ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራው ስለ ፖሮሲቲ ነው። ፀጉራችን ውሃ ምን ያህል ያስገባል? ያስገባውንስ ይዞ ያቆያል ወይ?

ብርጭቆ ውሃ ውስጥ የፀጉር ዘለላ ጥሎ ማየትን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከተንሳፈፈ ሎው፣ ማለትም ውሃ ቶሎ የማያስገባ፣ ከሰመጠ ሃይ፣ ማለትም ቶሎ የሚያስገባ ይባላል። እኔ ብዙም አላምነውም። ትንሽ ቅባት ካለበት ወይም የአየር አረፋ ከያዘ ይንሳፈፋል። ያንኑ ፀጉር በጣት ጫን ስትሉት ደግሞ ይሰምጣል።

እኔ የምወደው ውሃ መርጨት ነው። መጀመሪያ ፀጉሩ በሻምፖ ብቻ ይታጠብ፤ ኮንዲሽነርም ቅባትም አይነካው። ቅቤ ተቀብታችሁ ከነበረ ሁለት ጊዜ እጠቡት፤ የቀረ ቅቤ ውሃውን ይገፋና ያሳስታችኋል። በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ትንሽ ፀጉር ለይታችሁ፣ አንድ ስንዝር ያህል ርቃችሁ ውሃ እርጩበት። አንድ ሁለት ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩት። ሥሩንና ጫፉን ለየብቻ ሞክሩ፤ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

የእህቴን ፀጉር እንዲህ አየነው። ሪላክሰር ትታ ሥሩ በተፈጥሮው እያደገ ነው፤ ጫፉ ግን የድሮው ነው። ሥሩ ላይ ውሃው እንደ ጤዛ ክብ ክብ ሆኖ ቁጭ አለ። ጫፉ ላይ ግን ወዲያው ጠፋ፤ ፀጉሩም ጠቁሮ ተኛ። ሙሉውን አርጥበን ስንጠብቅ ደግሞ ጫፉ ቀድሞ ደረቀ፣ ሥሩ ገና እርጥብ ነበር።

ምክንያቱ የፀጉሩ ውጫዊ ቅርፊት ነው። ጤነኛ ሲሆን ቅርፊቶቹ ተደራርበው ይተኛሉ፤ ላያቸው ላይም ውሃ የሚገፋ ስስ የተፈጥሮ ቅባት አለ። ሪላክሰር፣ ፒያስትራና ማበጠሪያ ይህን ይገፍፉታል። ጫፍ ደግሞ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ብዙ አይቷል። የተገፈፈው ቅርፊት ተመልሶ አይበቅልም፤ ኮንዲሽነር ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ።

ስለዚህ አንድ ራስ ላይ ሁለት ዓይነት አያያዝ ያስፈልጋል። እህቴ ፀጉሯ እርጥብ እያለ ሥሩ ላይ ቀለል ያለ ኮንዲሽነር ተቀብታ፣ ላስቲክ ሸፍና ካስክ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ያህል ትቀመጣለች። ሙቀቱ ኮንዲሽነሩ እንዲገባ ያግዘዋል። ወፍራም ቅባት እዚያ ላይ ቢደረብ ተከምሮ ይቀራል። ጫፉ ላይ ግን መጀመሪያ ውሃና የማይታጠብ ኮንዲሽነር፣ ከዚያ በላዩ ጥቂት ለጋ ቅቤ። ደረቅ ጫፍ ላይ ቅቤ ብቻ መቀባት ያወዛዋል እንጂ እርጥበት አይሰጠውም። የቅቤ ሥራ የገባው ውሃ ቶሎ እንዳይወጣ ማዘግየት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጠብታው የሚያሳየው የፀጉሩን ገጽ ብቻ ነው። ጠብታውና የመድረቂያው ጊዜ ካልተስማሙ፣ ፀጉሩ ላይ የቀረ ቅባት መኖሩን ጠርጥሩ፤ አጥባችሁ እንደገና ሞክሩ።