የመፃጉዕ ስብከት እንዴት ጥናታዊ ጽሑፍ ይሆናል?

(ምስል፦ የጣና ዳርቻ፣ አመሻሽ ላይ። ወደ ዘጌ የሚሄዱት ጀልባዎች ቆመዋል።)

አንድ ወዳጄ ሰባኪ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር፣ በዐቢይ ጾም፣ ስለ መፃጉዕ አራት ተከታታይ ስብከት አስተማረ። እያንዳንዱ ወደ 50 ደቂቃ ይሆናል። ምእመኑ በጣም ወደደለት። ከዚያ አንድ ቀን ማታ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ሻይ እየጠጣን፣ «ሁሉንም ከቅጂው ወደ ጽሑፍ ገልብጬዋለሁ። ለጥናት መጽሔት ልልከው ነው፤ የግርጌ ማስታወሻ ብቻ ነው የቀረው» አለኝ።

ጽሑፉን ወስጄ አነበብኩት። የቀረው የግርጌ ማስታወሻ አልነበረም።

(ምስል፦ የተገለበጠው ጽሑፍ፣ በሦስት ቀለም የተሰመረበት።)

መጀመሪያ ያደረግነው ቀላል ነው። ሦስት የቀለም እርሳስ ያዝን። ታሪኩን የሚተርከውን ዐረፍተ ነገር በሰማያዊ አሰመርን። ምእመኑን የሚመክረውን፣ የሚገሥጸውን በአረንጓዴ። አንድ ሰው ተነሥቶ «ይህን ከየት አመጣኸው?» ሊልበት የሚችለውን ደግሞ በቀይ። ገጹ በአብዛኛው ሰማያዊና አረንጓዴ ሆነ። ለስብከት ትክክል ነው፤ ሥራው እሱ ነውና። ጥናታዊ ጽሑፍ ግን የሚቆመው በቀዩ ላይ ነው።

ከቀዮቹ መካከል አንዱ ዐይኔን ያዘው። «አበው እንደሚሉት፣ ጌታን በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ የመታው ይኸው መፃጉዕ ነው።» ወዳጄ በሦስተኛው ስብከት በአንድ ትንፋሽ ብሎት አልፏል። እኔ ግን አራቱ ስብከቶች ካነሡት ሁሉ ለጥናት የሚሆነው ይህ ነው አልኩት።

ነገሩን እናስታውስ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ 38 ዓመት የታመመ ሰው አለ። ጌታ አዳነው። ኋላ በመቅደስ አግኝቶት፣ የባሰ እንዳይደርስበት ዳግመኛ እንዳይበድል አስጠነቀቀው፤ ቁጥር 14። በምዕራፍ 18 ቁጥር 22 ደግሞ በዚያ ከቆሙት ሎሌዎች አንዱ ጌታን በጥፊ ይመታል። ስሙ አልተጠቀሰም። ወንጌሉ ሁለቱ ሰዎች አንድ ናቸው አይልም። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ግን አንድ መሆናቸው በሰፊው ይነገራል። ልብ በሉ፣ «መፃጉዕ» ራሱ የተጸውዖ ስም አይደለም፤ በግእዝ በሽተኛ፣ ድውይ ማለት ነው።

እንግዲህ ዋናው ለውጥ እዚህ ላይ ነው። ስብከቱ የሚናገረው ስለ ሰውየው ነው። ጥናቱ የሚናገረው ስለ ትርጓሜው ነው። የስብከቱ ጥያቄ «መፃጉዕ ለምን ውለታ ቢስ ሆነ?» የሚል ነበር። የጥናቱ ጥያቄ «ትርጓሜው እነዚህን ሁለት ቦታዎች ያገናኘው በምን መንገድ ነው?» የሚል ሆነ። ይህ ለውጥ ካልመጣ አንድ መቶ የግርጌ ማስታወሻ ቢጨመርም ጽሑፉ ያው ስብከት ነው።

(ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተከፈቱ መጻሕፍት።)

ቀጥሎ «አበው ይላሉ» የሚለው ሐረግ ወጣ። መድረክ ላይ ይሠራል፣ ሰሚው ያምናልና። የመጽሔቱ ገምጋሚ ግን የትኛው አባት፣ በየትኛው መጽሐፍ፣ በስንተኛው ገጽ ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ወዳጄ የታተመውን የወንጌል አንድምታ ገልጦ ቃሉን በትክክል ቀዳ፤ ግእዙን፣ አማርኛውን፣ «አንድም» እያለ የሚያመጣውን ሁሉ። የሐዲስ ኪዳን መምህርም ሄዶ ጠየቀ። በቃል የተገኘ ትምህርት እንደ ማስረጃ ይቆጠራል፤ ግን መምህሩ ፈቅደው፣ ቀኑና ቦታው ተመዝግቦ፣ የተማሩትም ላይ ቤት ይሁን ታች ቤት ተጠይቆ ነው። ሁለቱ የትርጓሜ ቤቶች በየቦታው ይለያያሉና ይህን ሳይጠቅሱ «የኢትዮጵያ ትርጓሜ» ብሎ መጻፍ ያስነቅፋል።

ከዚያ ያልጠበቀው ነገር ገጠመው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በዮሐንስ ወንጌል ላይ ያስተማራቸው 88 ድርሳናት አሉ። (እነሱም ስብከት ነበሩ።) በ38ኛው ላይ ስለዚህ ሰው ሲናገር ይሟገትለታል። ሰውየው ወደ አይሁድ ሄዶ «አልጋህን ተሸከም ያለኝ» ብሎ ሳይሆን «ያዳነኝ» ብሎ ነው የተናገረው፤ ስለዚህ በክፋት አልከሰሰውም ይላል። ይህ ወዳጄ ከሰበከው ጋር አይሄድም።

ደንግጦ ደወለልኝ። «ልተወው እንዴ ይህን?» አለኝ። በፍጹም! ስብከት ላይ ቢሆን ትቶት ማለፍ ይችላል፣ ምእመኑን ግራ ላለማጋባት። ጥናት ላይ ግን የጽሑፉ ልብ ይኸው ነው። ትልቁ አባት አንድ መንገድ ሄዷል፣ የእኛ ትርጓሜ ሌላ መንገድ ሄዷል። ለምን? ይህን ደብቆ ቢልከው ድርሳኑን የሚያውቅ ገምጋሚ በአንድ መስመር ይጥለዋል።

(ምስል፦ ወረቀት ላይ የተጻፉ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች፣ ሁለቱ ተሰርዘዋል።)

አሁን የመከራከሪያ ነጥቡን በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ነበረበት። የመጀመሪያው ሙከራ «መፃጉዕ የውለታ ቢስነት ምሳሌ ነው» የሚል ነበር። ይህ ስብከት ነው። ሁለተኛው «የአንድምታ ትርጓሜ ጥልቀት ያለው ነው»። ይህ ምስጋና ነው፤ ማንም አይክደው፣ ማንም አያስረዳው። ሦስተኛው ግን እንዲህ ሆነ፦ «ትርጓሜው መፃጉዕን ከጥፊው ጋር ያገናኘው በ5፥14 የተነገረው ማስጠንቀቂያ በወንጌሉ ውስጥ ፍጻሜው ሳይነገር ስለቀረ ነው።» ይህን አንድ ሰው «አይደለም» ሊለው ይችላል። ሊከድ የሚችል ነገር ነው ማስረጃ የሚፈልገው።

እና ተቃዋሚው ምን ይላል? «ታሪኩ ከሌላ መጽሐፍ የመጣ ቢሆንስ?» ይላል። ጥያቄው ከባድ ነው። ከጌታ ጋር የተሰቀሉት ወንበዶች በወንጌል ስም የላቸውም፣ በእኛ ዘንድ ግን ጥጦስና ዳክርስ ይባላሉ። ይህ ዓይነቱ ስም የመጣው ከወንጌል ውጭ ካሉ ትረካዎች ነው። የመፃጉዕም ነገር እንዲሁ ከሆነ የወዳጄ ነጥብ ይወድቃል። ስለዚህ ጽሑፉ ውስጥ ይህን ራሱ አንሥቶ ሁለቱን ማነጻጸር አለበት። የጥጦስ ነገር አዲስ ታሪክ ይዞ ይመጣል። የመፃጉዕ ግን ቀድሞ በወንጌሉ ያሉ ሁለት ሰዎችን ነው አንድ የሚያደርገው። ይህ ነጥቡን ይደግፈዋል እንጂ አያረጋግጥለትም። ለዚህ ነው «በታተመው ትርጓሜ እንደሚታየው» የሚል ወሰን ያበጀለት። በጣና ገዳማት ያሉትን የብራና መጻሕፍት ሁሉ አላየምና የእነሱን ስም ጠርቶ መናገር አይችልም።

አደራደሩም ተገለበጠ። ስብከቱ ምእመኑን በታሪኩ ይዞ ሄዶ ምሥጢሩን መጨረሻ ላይ ነበር የሚገልጠው። ጽሑፉ ነጥቡን በመጀመሪያው ገጽ ይናገራል፤ ከዚያ የሁለቱ ጥቅሶች ንባብ፣ አንድምታው፣ የአፈወርቅ ልዩነት፣ ተቃውሞው ይከተላሉ። ካዘጋጀናቸው ገጾች ከስብከቱ እንዳለ የተረፈው አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። ወዳጄን ይህ አሳዝኖታል፤ እኔም ይገባኛል፣ ያማረ ስብከት ነበር።

ጨርሻለሁ ሲል አንድ ሥራ ሰጠሁት። ጽሑፉን ይዞ «እኛ»፣ «እንግዲህ ወገኖቼ» እና «አይደለም ወይ?» የሚሉትን ፈልጎ እንዲያከብባቸው። አሥራ አንድ ቦታ አገኘ። ዘጠኙን ሲያያቸው ማስረጃ የጎደለባቸው ቦታዎች ነበሩ፤ አንባቢውን በድምፁ ሊያሳምን የሞከረባቸው። አሁን እነዚያን ዘጠኝ ቦታዎች እየሞላ ነው። ስብከቱን ደግሞ ለመጪው ዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ አስቀምጦታል፤ «አበው ይላሉ» ያለውን ቦታ ብቻ ያስተካክላል።